የእርዳታ መጠየቂያ ደብዳቤ ከመላኩ በፊት

አንድ ቀበሌ ምንጩን ለማጎልበት ተነሣ። ምንጭ ማጎልበት ማለት የምንጩን ዓይን በድንጋይና በሲሚንቶ ገንብቶ ከከብት፣ ከጎርፍና ከቆሻሻ መከለል፣ ውሃውንም በቧንቧ ማውጣት ነው። ድንጋዩና አሸዋው እዚያው አለ፤ ጉልበትም አለ። የጎደለው ገንዘብ ነበር። ስለዚህ የውሃው ኮሚቴ ከዚያው ተወልደው በከተማ ለሚኖሩ ሰዎች ደብዳቤ ጻፈ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ወደ ትውልድ አገራቸው መንገድ ማሠራታቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። ከተማ የገባ ሰው አገሩን አይረሳም። ነገር ግን ደብዳቤ በደረሰው ቁጥር ሁሉ ገንዘብ አያወጣም። አንዱን አንብቦ ይሰጣል፤ ሌላውን አንብቦ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ያለው ደብዳቤው ላይ ነው።

እኔ የተጠራሁት ደብዳቤውን አንብቤ ጉድለቱን እንድናገር ነበር። እንዲህ ይላል፤

«ለአካባቢያችን ተወላጆች በሙሉ። ሕዝባችን በንጹሕ የመጠጥ ውሃ እጦት ከፍተኛ ችግር ላይ ወድቋል። እናቶቻችን ሁለት ሰዓት ተጉዘው ውሃ ይቀዳሉ። ባለፈው ዓመት ብዙ ሕፃናት በውሃ ወለድ በሽታ አልቀዋል። መላው ሕዝብ ገንዘቡን አዋጥቶ ሥራውን ለመጀመር ተዘጋጅቷል። ስለዚህ ለትውልድ ቀያችሁ የተቻላችሁን ያህል ታደርጉ ዘንድ በታላቅ ትሕትና እንጠይቃለን። ገንዘቡን በኮሚቴው ሊቀመንበር የባንክ ሒሳብ ማስገባት ይቻላል። ኮሚቴው።»

የኮሚቴው ጸሐፊ ወጣት ነው፤ ጽሕፈቱም ያምራል። ሲነበብ ጆሮ ይገባል። እኔ ግን ወዲያው አስተያየት አልሰጠሁም። በመጀመሪያ ከሌላ ወረዳ መጥታ እዚያ የምታስተምር አንዲት መምህርት ጠራንና ደብዳቤውን ድምፅ ከፍ አድርገን አነበብንላት። ከዚያ ወረቀቱን አጠፍንና ሦስት ነገር ጠየቅናት። እነዚህ ሰዎች የጎደላቸው ምንድን ነው? ከአንቺ የሚፈልጉት ስንት ነው፤ እስከ መቼስ? ገንዘቡ ሥራ ላይ እንደሚውል በምን ታውቂያለሽ?

መምህርቷ፣ «የጎደላቸው ውሃ ነው። ስንት እንደፈለጉ አላወቅሁም። ለሦስተኛው መልስ የለኝም» አለች።

ደብዳቤን ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። አንባቢው አካባቢውን የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። የቀበሌው ሰው ከሆነ በደብዳቤው ላይ የሌለውን ከራሱ ጨምሮ ያነባልና ጉድለቱ አይታየውም።

ቀጥሎ ደግሞ ውሃ የሚቀዳ ሰው ማስነበብ ያስፈልጋል። ይህ ለእውነቱ ነው። አንዲት እናት እንስራቸውን አስቀምጠው ሲሰሙን ቆዩና፣ «ልጄ፣ ሁለት ሰዓት መንገድ ያልከው የትኛውን ምንጭ ነው?» ብለው ጸሐፊውን ጠየቁት።

«የኛኑ ነው እማማ።»

«የኛማ ግማሽ ሰዓት አይሞላም እኮ! የሚገድለን መንገዱ ነው እንዴ? የሚገድለን ወረፋው ነው። በሚያዝያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወጥቼ ረፋዱ 4 ሰዓት እመለሳለሁ። ውሃው ቀጥኖ ይንጠባጠባል። አንዷ እስክትሞላ ሌላዋ ቆማ ታንቀላፋለች።»

በዚህ ንግግር ደብዳቤው ተገለበጠ። ችግሩ ርቀት ከሆነ መፍትሔው ቧንቧ ዘርግቶ ውሃውን ወደ መንደር ማቅረብ ነው። ችግሩ ወረፋ ከሆነ ግን ቧንቧ ብቻውን ምንም አይፈይድም። የውሃውን መጠን ማወቅ ያስፈልጋል። ችግሩን በትክክል ያልጻፈ ሰው ሥራውንም ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ምንጩን ለካን። ወሩ መጋቢት ስለነበረ ጥሩ አጋጣሚ ሆነ። ምንጭ የሚለካው ውሃው በሚያንስበት በበጋው መጨረሻ ነው። በመስከረም ቢለካ ሁሉም ምንጭ ሙሉ ይመስላል። አለካኩ ቀላል ነው። ውሃውን በአፈር ገደብ አድርጎ በአንድ ጎን በሸምበቆ ወይም በቁራጭ ቧንቧ እንዲወርድ ማድረግ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሥሩ ማስቀመጥ፣ እስኪሞላ ድረስ በሰዓት መቁጠር ነው። በአፈሩ በኩል የሚሾልክ ውሃ እንዳይኖር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሦስት ጊዜ ደጋግመን ለካን። አንዱ ጀሪካን በ100 ሴኮንድ ሞላ።

እንግዲህ እናስላ። ከጧት እስከ ማታ ባሉት 12 ሰዓታት ውስጥ 43,200 ሴኮንድ አለ። ለ100 ሲካፈል 432 ጀሪካን ይሆናል። በምንጩ የሚጠቀሙት 120 አባወራና እማወራ ናቸው። በአንድ ቤት አምስት ሰው ቢኖርና ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢታሰብ፣ ለአንድ ቤት አምስት ጀሪካን ያስፈልጋል። ለ120 ቤት 600 ጀሪካን መሆኑ ነው። ቀን የሚገኘው 432 ነው። በየቀኑ 168 ጀሪካን ይጎድላል ማለት ነው። ሴቶቹ በሌሊት የሚወጡት ለዚህ ነው።

ሌሊቱንስ? ሰው ተኝቶ ሳለ ሌላ 432 ጀሪካን ውሃ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ይህ ውሃ ቢጠራቀም የቀኑና የሌሊቱ ተደምሮ 864 ጀሪካን ይሆናል። ከበቂ በላይ ነው። የሌሊቱን ውሃ ለመያዝ 9,000 ሊትር የሚችል ማጠራቀሚያ ይበቃል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ የውሃው ከፍታ አንድ ሜትር ተኩል ማለት ነው። የወረዳው የውሃ ባለሙያ መጥቶ ይህንኑ አረጋገጠና የወጪውን ግምት ጽፎ ማኅተም አደረገበት። ባለሙያው ያላረጋገጠውን ልክ በደብዳቤ ላይ መጻፍ አያስፈልግም፤ የምንጭ ነገር ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ጸሐፊው በዚህ ጊዜ ተከፋ። «ሁለት ሰዓት መንገድ ካላልን ማን ያዝንልናል?» አለ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ነገር ግን ደብዳቤው የሚሄደው ለማን ነው? እዚያው ለተወለደ ሰው ነው። በልጅነቱ ከዚያ ምንጭ የቀዳ ነው። ሁለት ሰዓት የሚለውን ሲያነብ ይስቃል። ከዚያም በኋላ ያለውን እውነት ሁሉ አያምንም። ዛሬ ደግሞ በየቤቱ ስልክ አለ። ደብዳቤው እንደ ደረሰው ለእኅቱ ይደውልና፣ «እውነት ነው ወይ?» ይላታል። ገንዘቡን የሚለቀው የእኅቱ ቃልና የደብዳቤው ቃል ሲገጥም ነው።

ሕፃናት አለቁ የሚለውም እንዲሁ ነው። ስንት ሕፃናት? ማን መዘገበው? በምን ሞቱ ተባለ? ብለን ጠየቅን። በጤና ኬላው መዝገብ ላይ ተቅማጥ የያዛቸው ልጆች አሉ፤ ከዚያ ውሃ ነው የመጣባቸው ተብሎ የተጻፈ ግን የለም። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ ወጣ። በምትኩ ሰው ሁሉ በዓይኑ የሚያየው ተጻፈ፤ ከብቱም ሰውም ከአንድ ኩሬ ይጠጣል፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ይገባበታል። ይህ ይበቃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። «የተቻላችሁን ያህል» የሚለው ቃል ትሕትና ይመስላል። ለሚቀበለው ሰው ግን ጭንቅ ነው። 100 ብር ቢሰጥ ያፍራል፤ 10,000 እንዳይሰጥ አቅሙ አይፈቅድም። ሲያመነታ ወሩ ያልፋል። ስንት እንደሚያስፈልግ፣ ስንት እንዳለ፣ ስንት እንደጎደለ፣ ከእሱ ስንት እንደሚጠበቅ ቢነገረው ይቀለዋል።

የባለሙያው ግምት ይህ ነው። ለምንጩ ግንባታና ለቧንቧው 90,000 ብር፣ ለማጠራቀሚያው 110,000 ብር፣ የሲሚንቶ ዋጋ ቢጨምር መጠባበቂያ 20,000 ብር። ድምሩ 220,000 ብር ነው። ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ቁፋሮ በሕዝቡ ስለሚሠራ አልተቆጠረም። ይህ የዚያ ቀበሌ ልክ ነው፤ በሌላ ቦታና በሌላ ወር ዋጋው ሌላ ነው። መጠባበቂያውን አንዳንዶች ይደብቁታል። በግልጽ ተጽፎ መታየት አለበት። ካልተጻፈ በኋላ ሲሚንቶ ሲወደድ ሒሳቡ ይፋለስና ሰው ተሰረቅን ይላል።

የቀበሌው ድርሻ በአንድ ቤት 300 ብር፣ በጠቅላላው 36,000 ብር ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ «መላው ሕዝብ አዋጥቶ» ይላል። መዝገቡን ስናየው የከፈሉት 94 ናቸው። 26ቱ ገና ናቸው። በደብዳቤው ላይ እንዲህ ተብሎ ተጻፈ፤ «ከ120 ቤት 94ቱ ከፍለዋል፤ 28,200 ብር ባንክ ገብቷል። 26ቱ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ይከፍላሉ።» ሊቀመንበሩ ይህ ያሳፍረናል ብለው ነበር። እኔ ግን ከደብዳቤው ሁሉ በጣም የሚታመነው ይኸው ቁጥር ይመስለኛል። ድፍን ቁጥር ተቀምጦ የተጻፈ ይመስላል፤ 94 ግን ተቆጥሮ የተገኘ ነው።

ከ220,000 ላይ 36,000 ሲቀነስ የጎደለው 184,000 ብር ነው። ኮሚቴው በከተማ የሚኖሩትን ሰዎች ስም ሲጽፍ 92 ሆኑ። ለእያንዳንዱ 2,000 ብር ይደርሳል። ደብዳቤው ይህንኑ ጠየቀ፤ የበለጠ የሚችል እንዲጨምር፣ ያነሰ ያለውም ያነሰውን እንዲልክ ተጻፈ። ቀኑም እስከ ግንቦት 15 ተባለ። ምክንያት አለው። ሰኔ ከገባ ዝናቡ ቁፋሮውን ያቆመዋል፤ ገበሬውም ወደ እርሻው ይሄዳል። ምክንያት ያለው ቀን ይከበራል።

ነገር ግን 92ቱም አይሰጡም። ይህን የማያውቅ የለም። ታዲያ ገንዘቡ ባይሞላ ምን ይደረጋል? በዚህ ላይ ዝም ያለ ደብዳቤ ብዙ ሰው ያርቃል። «ካልሞላ ገንዘቤ ሜዳ ላይ ይቀራል» ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። መጀመሪያ ምንጩ ይገነባል፤ ውሃው ንጹሕ ይሆናል። ወረፋው ግን አይቀርም፤ ይህም በግልጽ ተጻፈ። ሁለተኛው ማጠራቀሚያው ነው፤ ወረፋው የሚቀረው ያኔ ነው።

ከሁሉ የከበደው የእምነቱ ጉዳይ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው ቀበሌ ለሌላ ሥራ ገንዘብ ተሰብስቦ ነበር። ገንዘቡ ተበላ የሚል አለ፤ ሥራ ላይ ውሏል የሚልም አለ። ሒሳቡ ግን ለሰው ሁሉ አልተነበበም። ኮሚቴው አሁን ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ቢሆንም ከተማ ያለው ሰው ስም አይለይም። «እነዚያው ናቸው» ይላል።

ይህን በደብዳቤው ላይ እንጻፈው ወይስ እንተወው? ብለን ግማሽ ቀን ተከራከርን። ሊቀመንበሩ ያለፈ ቁስል አይነካካ አሉ። እኚያው እናት ግን፣ «ቁስሉማ በየቤቱ ይወራል፤ ያልተነካው እናንተ ዘንድ ብቻ ነው» አሏቸው። በመጨረሻ ሁለት መስመር ተጻፈ፤ ማንም አልተወቀሰም። «ከዚህ ቀደም የተሰበሰበው ገንዘብ ሒሳብ እንዳልቀረበላችሁ እናውቃለን። በዚህኛው ይህ እንዳይደገም የሚከተለውን አድርገናል» የሚል ነው።

የተደረገው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት የሊቀመንበሩ የግል የባንክ ሒሳብ ተተወ። ሊቀመንበሩ ታማኝ ሰው ናቸው። ግን ሰው ይታመማል፣ ይሞታል፤ የእሳቸው ገንዘብና የምንጩ ገንዘብ ቢቀላቀል ወራሾችም መለየት ያቅታቸዋል። በቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ በኮሚቴው ስም ሒሳብ ተከፈተ። ሦስት ፈራሚዎች ተመረጡ፤ ሁለቱ ካልፈረሙ ገንዘብ አይወጣም። ከሦስቱ አንዷ ውሃ የምትቀዳ ሴት ናት። ሦስቱም ዘመዳሞች እንዳይሆኑ ተጠንቅቀናል፤ የአንድ ቤት ሰዎች ሦስት ፊርማ እንደ አንድ ፊርማ ነው።

ሁለተኛ፣ ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ታተመ። ለላከ ሁሉ የደረሰኙ ቁጥር በስልክ ይነገረዋል። ቁጥሩ ከተቋረጠ አንድ ወረቀት ጠፍቷል ማለት ስለሆነ ማንም ሰው ሊጠይቅ ይችላል። ሦስተኛ፣ በየወሩ መጨረሻ ገቢና ወጪ ተጽፎ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፋል፤ ፎቶው ለላኩት ይደርሳቸዋል። «ኮሚቴው» የሚለው ፊርማም ቀርቶ የአምስቱ አባላት ስም፣ ኃላፊነትና የስልክ ቁጥር ገባ። ከደብዳቤው ጋር የባለሙያው ግምት ቅጂ ተያያዘ።

አንድ ነገር ሁላችንም ረስተን ነበር። ያስታወሰችን መምህርቷ ናት። «ምንጩ የማን መሬት ላይ ነው?» አለች። በአንድ ገበሬ ማሳ ዳር ነው። ሰውዬው በቃል ፈቅደዋል። በቃል ብቻ ከሆነ ግን ነገ ልጃቸው ሊከለክል ይችላል። ከተማ ያለው ሰው ደግሞ የማን ማሳ እንደሆነ ያውቃል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ በሽማግሌዎች ፊት ውል ተጻፈ፤ የመተላለፊያው መንገድ ወርድም ተለክቶ ገባ። ደብዳቤው ውሉ በቀበሌው እንደሚገኝ ጠቀሰ።

የተጠናቀቀው ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፤ «በሚያዝያ ወር የቀበሌያችን ሴቶች ውሃ ለመቅዳት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወጥተው ረፋዱ 4 ሰዓት ይመለሳሉ፤ ምክንያቱም ምንጩ ቀን የሚሰጠው 432 ጀሪካን ሲሆን የሚያስፈልገን 600 ነው።» ለመምህርቷ ደግመን አነበብንላት። ወረቀቱን ሳታይ፣ «ወረፋ አለባቸው፤ 2,000 ብር እስከ ግንቦት 15፤ ሁለት ሰው ካልፈረመ አይወጣም» አለች።

እስከ ግንቦት 15 ድረስ 131,000 ብር ገባ። 26ቱም ቤቶች ከፈሉ። ከቀበሌው 36,000 ጋር 167,000 ብር ሆነ። የምንጩ ግንባታ ከዝናቡ በፊት አለቀ። የፈጀው 90,000 ሳይሆን 94,000 ብር ነው፤ ሲሚንቶ ጨምሮ ነበር። የቀረው 73,000 ብር ነው፤ ለማጠራቀሚያው 37,000 ብር ይጎድላል። ጸሐፊው አሁን ሁለተኛውን ደብዳቤ እየጻፈ ነው። የጀመረው 4,000 ብሩ ለምን እንደጨመረ በመንገር ነው፤ ልመናው ከዚያ በኋላ ይመጣል። መጋቢት ሲደርስ ምንጩን ደግመው እንዲለኩም ነግሬዋለሁ፤ ግንባታው የውሃውን ዓይን ሊለውጠው ስለሚችል የድሮው ቁጥር አይጻፍም።